ልክ የጠፋበት ማዕድ፦ አገር ለውጦ የሰውነትን ስብ መቀነስ ስለ መቀጠል

የሰውነቱን ስብ በመቀነስ ላይ የነበረ ሰው ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ውጤቱ የሚቋረጥበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ በሁለት መንገድ ይተረጎማል፤ አንደኛው ትርጓሜ ሰውየው ቁርጠኝነቱ ላልቷል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የዚያ አገር ምግብ በራሱ ያወፍራል የሚል ነው። ሁለቱም ከእውነት የራቁ ባይሆኑም ዋናውን ነገር ይስታሉ። ሰው ባደገበት አገር ምን ያህል ቢበላ እንደሚጠግብ፣ ምን ያህል ቢበላ ደግሞ እንደሚከብደው የሚያውቀው በስሌት ሳይሆን በዓይኑና በእጁ ነው፤ ይህ ዕውቀት አንድ ዓይነት እንጀራን፣ አንድ ዓይነት ዳቦን፣ አንድ ዓይነት ስኒን በሺህ ጊዜ ደጋግሞ በመቅመስ የተገኘ በመሆኑ፣ ምግቡና ዕቃው ሲለወጡ በአንድ ጊዜ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ በአዲስ አገር የሚጠፋው በመጀመሪያ ልክ ነው፤ ይህ ንግግርም የሚያተኩረው ያ ልክ እንዴት እንደሚጠፋና እንዴት ተመልሶ እንደሚሠራ በማሳየት ላይ ይሆናል። ምሳሌው ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚደረገው ጉዞ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ስፍራ ከመሆኑም ሌላ፣ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው የሳይንስ ሙከራ የተካሄደው እዚያው አካባቢ ነው።

የስብ መቀነስ መሠረታዊ ሕግ አገር አይለይም። ምግብ በሰውነት ውስጥ የሚሰጠው ኃይል የሚለካው በካሎሪ ነው፤ በዕለት ተዕለት አነጋገርና በምግብ መጠቅለያ ላይ ካሎሪ የሚባለው በሳይንሱ አጠራር ኪሎ ካሎሪ የሚባለው መሆኑን ልብ ይሏል። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ገደማ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት ማለትም እንደ ጤፍ፣ ስንዴና ስኳር ያለው ኃይል ሰጪ ምግብ ደግሞ 4 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ያህል ኃይል ያከማቸ በመሆኑ፣ ሰውነት በቀን ከሚያወጣው 500 ካሎሪ አሳንሶ የሚበላ ሰው በሳምንት 3,500 ካሎሪ ይጎድልበትና ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ያነሰ ስብ ይቀንሳል። ይህ ስሌት ግምት እንጂ የወርቅ ሚዛን አይደለም፤ ሰውነት እየቀለለ ሲሄድ የሚያወጣው ኃይልም ስለሚቀንስ ውጤቱ ከወር ወር እየዘገየ ይሄዳል። የሆነ ሆኖ ለመነሻ ይበቃል።

ለማስረዳት ያህል በሐሳብ የተቀረጸች አንዲት ሴት ትወሰድ። ዕድሜዋ 38፣ ቁመቷ 165 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 82 ኪሎ ሲሆን፣ አዲስ አበባ እያለች ከቤት እስከ ታክሲ መያዣ፣ ከታክሲ እስከ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት እስከ ገበያ ድረስ በቀን አምስት ኪሎ ሜትር ያህል በእግሯ ትሄድ ነበር። ይህች ሴት በእንዲህ ያለ ኑሮ በቀን 2,250 ካሎሪ ገደማ ታወጣለች፤ የምትበላው ደግሞ 1,750 ገደማ ነው። ካሎሪ ቆጥራ አታውቅም። ያደረገችው ነገር ቢኖር ማታ የምትበላውን እንጀራ በግማሽ መቀነስ፣ የጠዋቱን ዳቦ ከሁለት ወደ አንድ ማውረድና በወጡ ላይ የሚደረገውን ዘይት መጠን መወሰን ብቻ ሲሆን፣ ይህ በለመደችው ማዕድ ላይ በዓይኗ ለመወሰን የማይከብድ ነገር በመሆኑ በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ እየቀነሰች ቆይታለች።

ይህችው ሴት በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ከዘመድ ቤት ስታርፍ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይለወጣል። የመጀመሪያው እግር ነው፤ ወደ ሥራ የሚወስዳት መኪና ከበር ተነሥቶ በር ላይ የሚያቆም ከሆነ አምስቱ ኪሎ ሜትር ይቀራል፣ በእርሷ ክብደት ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር መሄድ ቁጭ ከማለት ይልቅ 50 ካሎሪ ያህል የሚጨምር በመሆኑ በቀን የምታወጣው ኃይል ወደ 2,000 ይወርዳል። ሁለተኛው ጠዋት ነው። ከአንድ ትንሽ ዳቦ ፈንታ ቤግል የሚባለውን መሐሉ ቀዳዳ ያለው ክብ ዳቦ ክሬም ቺዝ ቀብታ ትበላለች፤ ቤግል ከመጋገሩ በፊት በፈላ ውኃ ስለሚቀቀልና ሊጡም ጠንካራ ስለሆነ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ መዳፍ የማያልፈው አንዱ ክብ 100 ግራም ያህል ይመዝንና ከነቅቡ 380 ካሎሪ ይደርሳል፤ የአዲስ አበባው 60 ግራም ዳቦ ግን 160 ገደማ ነበር። በሲኒ ቡና ከሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር 30 ካሎሪ ገደማ ትጠጣ የነበረችውም አሁን በወተትና በጣፋጭ ሽሮፕ የተሠራ ትልቅ ብርጭቆ ቡና ይዛ ትወጣለች፤ እርሱ 250 ካሎሪ ያህል ነው። ምሳና እራቷ ምንም ባይለወጥ እንኳ በነዚህ በሁለቱ ብቻ 440 ካሎሪ ተጨምሮ የቀኑ ድምር 2,190 ይሆናል። በአንድ ዳቦና በአንድ ቡና ቁርሷን የበላች ሴት፣ ያንኑ አንድ ዳቦና አንድ ቡና እየበላች፣ 500 ካሎሪ ከሚጎድልበት ኑሮ 190 ካሎሪ ወደሚተርፍበት ኑሮ ተሻገረች ማለት ነው። ከልክ በላይ በላሁ የሚል ስሜት በየትኛውም ቀን አይሰማትም።

ሆድ ይህን ለምን እንደማያስታውቅ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሰው አንድን ምግብ አይቶ ምን ያህል እንደሚያጠግበው የሚገምተው ቀድሞ በበላው ልምድ ነው፤ ስለዚህ ለማያውቀው ምግብ የሚሰጠው ግምት በሚመስለው ምግብ ላይ የተመሠረተ ይሆናል፣ ቤግልን በዳቦ፣ ትልቁን ብርጭቆ በሲኒ ይተረጉማል። ከዚህም ሌላ የሚጠጣ ኃይል ከሚታኘክ ኃይል ያነሰ ያጠግባል። ከሁሉ ግልጽ የሆነው ማስረጃ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ ያወጡት ሙከራ ነው፤ ሙከራው የተካሄደው ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው ቤተስዳ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሆስፒታል ውስጥ ነበር። 20 ጎልማሶች ለአራት ሳምንት እዚያው ተኝተው፣ ግማሹን ጊዜ በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ግማሹን ጊዜ ደግሞ ከጥሬው በማዕድ ቤት የተዘጋጀ ምግብ ቀረበላቸው። በሁለቱም ወቅት የቀረበላቸው ምግብ በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብ፣ በጨውና በቃጫ፣ ማለትም አንጀት በማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል፣ እኩል እንዲሆን የተደረገ ሲሆን፣ ምን ያህል እንደሚበሉ የተተወው ለእነርሱ ነበር። በፋብሪካው ምግብ ወቅት በቀን 500 ካሎሪ ያህል አስበልጠው በሉና በሁለት ሳምንት 0.9 ኪሎ ያህል ጨመሩ፤ በሌላው ወቅት ደግሞ ያንኑ ያህል ቀነሱ። የፋብሪካውን ምግብ በፍጥነት ይበሉ እንደነበርም ታይቷል። ልብ ሊባል የሚገባው ምግቡ ለተሳታፊዎቹ እንግዳ አለመሆኑ ነው። እነርሱን ትውውቁ ካልጠበቃቸው፣ ገና ትናንት የደረሰ ሰው ደግሞ ትውውቁም የለውም።

ችግሩን የሚያባብሰው ሚዛኑም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚዋሽ መሆኑ ነው። ካርቦሃይድሬት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ይከማቻል፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ሲጾም ወይም ምግብ ሲቀንስ የቆየ ሰው ጥቂት ቀን አብዝቶ ሲበላ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ክብደት ቢጨምር አብዛኛው ውኃ ነው። የታሸገና የምግብ ቤት ምግብ ጨው የሚበዛበት በመሆኑ ተጨማሪ ውኃ ይይዛል፤ ረጅም በረራም ቁርጭምጭሚትን ያሳብጣል። በሁለቱም እግር እኩል የሆነና በቀናት የሚጠፋ እብጠት የሚያሳስብ አይደለም፤ አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ካመመና ከሞቀ፣ ወይም ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው። እንግዲህ በምሳሌነት የተወሰደችው ሴት በደረሰች በስድስተኛው ቀን ሚዛን ላይ ብትወጣ 84 ኪሎ ልታይ ትችላለች፤ በእውነት የጨመረችው ስብ ግን በሳምንት 170 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ከዚህ ሁለት ስሕተት ይወለዳል። አንዳንዱ ሰው ሁለቱን ኪሎ በሙሉ ስብ አድርጎ ይወስድና ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ውኃው ሲወርድ ሚዛኑ ቁልቁል ሲሄድ አይቶ ነገሩ ተስተካከለ ብሎ ይረጋጋል፣ ስቡ ግን ከውኃው ሥር በጸጥታ መጨመሩን ቀጥሏል።

ሚዛኑን እውነት ማናገር የሚቻለው በአማካይ ነው። ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምንም ሳይበላና ሳይጠጣ በየቀኑ መመዘን፣ የሰባቱን ቀን ቁጥር ደምሮ ለሰባት ማካፈልና ያንን የሳምንት አማካይ ከቀደመው ሳምንት አማካይ ጋር ማነጻጸር ይገባል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቁጥር ይመዘገባል እንጂ አይፈረድበትም። የወር አበባ የምታይ ሴት ውኃ የምትይዝበት ሳምንት ስላለ፣ ከወር ወር ተመሳሳዩን ሳምንት ብታስተያይ ይበልጥ ትክክለኛ ውጤት ታገኛለች። የአሜሪካ ሚዛን በፓውንድ የሚያሳይ ከሆነ አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ መሆኑን ማወቅ ያሻል፤ ሚዛኖች ሁለቱንም ማሳየት የሚችሉ ከሆነ ግን ወደ ኪሎ መመለሱ ይመረጣል፣ ምክንያቱም የማይታወቅ መለኪያ በማይታወቅ ምግብ ላይ ሲደረብ ስሜት የሚሰጥ ቁጥር አይኖርም። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ወገብን በእንብርት ትይዩ በሜትር መለካት ደግሞ ለሚዛኑ ምስክር ይሆናል።

ልክን መልሶ ለመሥራት አዲሱ አገር የሚሰጠው አንድ ትልቅ እርዳታ አለ፤ እርሱም በመጠቅለያ ላይ የሚታተመው ኒውትሪሽን ፋክትስ የተባለ የምግብ መረጃ ሠንጠረዥ ነው። ይህን ሠንጠረዥ የሚያዝዘው ሕግ በአሜሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ አሁን በሥራ ላይ ያለው መልኩ በ2016 የተሻሻለው ነው። በትልቁ የተጻፈው የካሎሪ ቁጥር የመላው ፓኬት አይደለም፤ ሰርቪንግ ሳይዝ ለተባለው ለአንድ ጊዜ ድርሻ ብቻ ነው። አንድ ትልቅ የድንች ቺፕስ ከረጢት 160 ካሎሪ የሚል ቁጥር ቢያሳይ ከበላዩ ድርሻው 28 ግራም መሆኑና በከረጢቱ ውስጥ ዘጠኝ ድርሻ መኖሩ ይነበባል፤ ስለዚህ ከረጢቱ በጠቅላላ 1,440 ካሎሪ ይዟል። ድርሻው የሚወሰነው ሰዎች በተለምዶ በአንድ ጊዜ የሚበሉትን መሠረት አድርጎ ነው እንጂ ለጤና ይበቃል ተብሎ የታዘዘ ልክ አይደለም። ሁለተኛው ወጥመድ ዜሮ የሚለው ቃል ነው። በአንድ ድርሻ ከ5 ካሎሪ በታች የሆነ ነገር ዜሮ ተብሎ እንዲጻፍ ሕጉ ስለሚፈቅድ፣ በመርጨት የሚሠራ የምግብ ዘይት ድርሻው የሩብ ሴኮንድ ርጭት ተደርጎ ዜሮ ካሎሪ ይባላል፤ ዘይት ግን በማንኛውም መልኩ ዘይት ነው፣ አራት ሴኮንድ ለረጨ ሰው አሥራ ስድስት ድርሻ ይሆንበትና ወደ 36 ካሎሪ ይጠጋል። ብዙ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ዜሮም አይደለም። ወደ አውሮፓ የሄደ ሰው በዚህ ረገድ ይቀልለዋል፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ቁጥሩ ሁልጊዜ በ100 ግራም ስለሚሰጥ ሁለት ዓይነት ዳቦን ያለ ስሌት ማወዳደር ይቻላል። በአሜሪካ ምግብ ቤትም ቢሆን ሃያና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ድርጅቶች ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ በምግብ ዝርዝራቸው ላይ ካሎሪውን የመጻፍ ግዴታ ስላለባቸው፣ ያ ትልቅ ብርጭቆ ቡና ስንት እንደሆነ ከመግዛቱ በፊት ግድግዳው ላይ ይነበባል።

ሠንጠረዡ ዝም የሚለው ግን በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ፣ በሐበሻ ቤት ማዕድ ላይ ነው። በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ ከአንድ እንጀራ ላይ በሚበላ ቤተሰብ ውስጥ ማን ምን ያህል እንደበላ የሚለይ የለም፤ የጉርሻውስ ነገር ቢነሣ ስሌቱ ይበልጥ ይጠፋል። ከዘመዶች ተለይቶ በግል ሳህን መብላት ለስሌት የተመቸ ቢሆንም፣ በእንግድነት ባረፈበት ቤት ይህን የሚያደርግ ሰው ኩራት የሚመስል ነገር ያሳያልና እምብዛም አይዘልቅም። ከዚህ የተሻለው መንገድ ቆጠራውን ከትሪው ወደ ድስቱ ማዛወር ነው። የምስር ወጥ በሚሠራበት ጊዜ ሽንኩርቱ ከተቁላላ በኋላ የሚገባው ዘይት ግማሽ ኩባያ ከሆነ ስምንት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው፤ አንዱ የሾርባ ማንኪያ 14 ግራምና 120 ካሎሪ ያህል በመሆኑ ድስቱ በዘይት ብቻ 960 ካሎሪ ይዟል። ድስቱ አራት ሰው ሁለት ጊዜ የሚበላው ከሆነ ለእያንዳንዱ ጊዜ 120 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ይደርሳል። ዘይቱ ወደ ሩብ ኩባያ ቢወርድ፣ ሽንኩርቱም በጥቂት ውኃ እየተቁላላ ቢበስል፣ ድርሻው ወደ 60 ይወርዳል፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ወጡን የሠራው ሰው ብቻ ነው። የወጡ ጉዳይ በድስቱ ከተፈታ በትሪው ላይ የሚቀረው አንድ ነገር መቁጠር ነው፣ እርሱም እንጀራ።

ስለ እንጀራ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገራል። እንጀራ ከግማሹ በላይ ውኃ በመሆኑ 100 ግራሙ 150 ካሎሪ ገደማ ሲሰጥ፣ 100 ግራም ነጭ ዳቦ 265 ያህል፣ 100 ግራም የተቀቀለ ሩዝ ደግሞ 130 ያህል ይሰጣል። ስለዚህ በአሜሪካ እንጀራን ትቶ ወደ ዳቦ መዞር፣ ቀለል ያለ የፈረንጅ ምግብ ተበላ ቢባልም፣ በክብደት ለክብደት ሲታይ ኃይሉን የሚያበዛ ለውጥ ነው። ችግሩ ያለው በመጠኑና በዱቄቱ ላይ ነው፤ በዚያ አገር የሚጋገረው እንጀራ ብዙ ጊዜ ከጤፍ ጋር ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል፣ ስፋቱና ውፍረቱም ከመጋገሪያ መጋገሪያ ይለያያል። የማዕድ ቤት ሚዛን ገዝቶ የሚበላውን እንጀራ አንድ ሳምንት ብቻ መመዘን ይህን ይፈታዋል፤ አንዱ እንጀራ 300 ግራም ከሆነ 450 ካሎሪ ያህል ነው ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ዓይን አንድን፣ ግማሽንና ሩብን ለይቶ ማየት ይለምዳል። ሚዛኑ ለዘላለም የሚያስፈልግ መሣሪያ አይደለም፤ ዓይንን ለማስተማር ነው።

ለዓይን የሚበጀው ሌላው ነገር የምግቡን ዓይነት ለጊዜው ማሳነስ ነው። በአዲስ አገር ገበያ የሚያስደንቀው የዓይነት ብዛት ራሱ እንቅፋት ነው፤ በየቀኑ ሌላ ነገር የሚቀምስ ሰው አንዱንም ሳይማር ወር ያልፈዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ሁለት ዓይነት ቁርስና ሦስት ዓይነት ምሳ መርጦ እነርሱን እየደጋገሙ መብላት ይሻላል። ምርጫው የአገር ቤት ምግብ የሚሰጠውን አገልግሎት በሚተካው ነገር ላይ ቢመሠረት ይቀላል፦ በጎመን ፈንታ በየሱቁ የሚሸጠው ኮላርድ ግሪንስ፣ በአይብ ፈንታ ስቡ የተቀነሰው ኮቴጅ ቺዝ ይሆናል፤ እርሱ በ100 ግራም 80 ካሎሪ ገደማና 11 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ምስርና ሽምብራም በብዙ የአሜሪካ መደብሮች ይገኛሉ። ፕሮቲን እዚህ ላይ የሚጠቀሰው በከንቱ አይደለም፤ ካሎሪ በሚጎድልበት ጊዜ ሰውነት ከስብ ጋር ጡንቻንም ሊያቃጥል ስለሚችል፣ በቂ ፕሮቲን መብላት ጡንቻን ይጠብቃል፣ ጥጋብንም ያዘልቃል።

አሁን ምሳሌዋ ሴት ትመለስ። በሦስተኛው ሳምንት ቤግሉን ትታ አንድ ቁራጭ የስንዴ ዳቦ ከሁለት የተቀቀለ እንቁላል ጋር ብትበላ 250 ካሎሪ ይሆንላታል፣ 130 ተቀነሰ ማለት ነው። ጣፋጩን ትልቅ ቡና በጥቂት ወተት ወደ ተሠራ ተራ ቡና ብትለውጥ 200 ይቀንሳል። በቀን ሁለት ጊዜ ከሚበላው ወጥ ዘይቱ በግማሽ ስለወረደ 120 ይቀነሳል። ድምሩ 450 ነው፤ የቀኑ ምግብ ከ2,190 ወደ 1,740 ይወርዳል። ከመኪናው ቀደም ብላ እየወረደች ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ብትራመድ ደግሞ የምታወጣው ከ2,000 ወደ 2,125 ከፍ ይላል። የቀኑ ጉድለት 385፣ የሳምንቱ 2,700 ካሎሪ ገደማ ሲሆን፣ ይህም በሳምንት 350 ግራም ስብ፣ በስምንት ሳምንት 2.8 ኪሎ ያህል ነው። ከአዲስ አበባው ዘገም ያለ መሆኑን መደበቅ አይገባም፤ የጠፋው እግር በግማሽ እንጂ በሙሉ አልተመለሰምና። ከአራት ሳምንት በኋላ የሳምንቱ አማካይ ምንም ካልወረደ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የሰውነት ጠባይ ሳይሆን ያልተቆጠረ ነገር ነው፤ ልጆች የተዉትን መጨረስ፣ በሥራ ቦታ ከጠረጴዛ ላይ የሚነሣ ብስኩት፣ ወጥ ሲቀመስ የሚያልፈው ማንኪያ። ብዙ አዲስ መጤዎች የሚይዙት የሌሊት ሥራም በዚህ ላይ ድርሻ አለው፤ እንቅልፍ ያጠረበት ሰው ረሃቡ ይጨምራል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ክፍት ሆኖ የሚገኘው የቺፕስና የለስላሳ መሸጫ ማሽን ብቻ ነው። ለዚህ ከቤት የተቋጠረ ምግብ እንጂ ምክር አይበቃም።

ይህ ሁሉ ምግቡን ራሱ ለሚመርጥ ሰው የተነገረ ነው። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ግን የምትበላው ከአሠሪዎቿ ድስት ስለሆነ ዘይቱን የመወሰን ሥልጣን የላትም፤ በእጇ ያለው የሩዙን መጠን በአንድ በታወቀ ሳህን መለካት፣ በሻይ የሚገባውን ስኳር መቀነስና ከማዕዱ ላይ ሥጋውንና ሰላጣውን ማስቀደም ነው፤ የሥራው እንቅስቃሴ ብዙ ስለሆነም ብዙውን ጊዜ ይህ ይበቃል። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ብቻ ለሚጓዝ ሰው ደግሞ አዲስ ልክ መሥራት አያዋጣም፤ በዚያ ጊዜ ስብ ለመቀነስ ከመታገል ይልቅ ባለበት ለመቆየት ማሰብ፣ የሚጠጣውን ነገር ያለ ካሎሪ ማድረግና በእግር መሄድ ይበቃል። የስኳር በሽታ መድኃኒት፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግቡን ከመቀነሱ በፊት መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ይኖርበታል፤ ያለዚያ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። እርጉዝ ሴትና ከዚህ ቀደም ከምግብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው በዚህ ዓይነት ቆጠራ መጠመድ አይገባቸውም። ሳያስበው በፍጥነት የሚከሳ ስደተኛም ቢሆን ምርመራ እንጂ ምስጋና አይገባውም።

የተሠራው ልክ እንደገና የሚፈተነው በጾም ነው። በአገር ቤት የዐቢይ ጾም ማዕድ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና እንጀራ ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን ከጾም ሕግ የማይወጡ ነገሮች እጅግ ብዙ ናቸው፤ የድንች ጥብስ፣ ቺፕስ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የሌለባቸው ብስኩቶች ሁሉ ይፈቀዳሉ። የኦቾሎኒ ቅቤ ሁለት የሾርባ ማንኪያው ብቻ 190 ካሎሪ ስለሚሆን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ በዳቦ ላይ በወፍራሙ የሚቀባ ሰው ከፍስኩ ጊዜ አስበልጦ ሊበላ ይችላል፤ ፕሮቲኑ ደግሞ ከእንቁላልና ከአይብ ወደ ጥራጥሬ መዛወሩን ካልተጠነቀቁ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ጾሙ ሲገባ የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ አዲስ አገር ቆጥሮ ሚዛኑን ከመሳቢያ ማውጣት፣ የሽሮውን ዱቄትና የኦቾሎኒውን ቅቤ መመዘን፣ ሁለት የጾም ምሳዎችን መርጦ እነርሱን መደጋገም ያስፈልጋል። በፋሲካ ማግስት ሚዛኑ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ከፍ ቢል አብዛኛው የግላይኮጅንና የጨው ውኃ ነው፤ የዚያ ሳምንት አማካይ በመዝገቡ ላይ ይጻፋል፣ ፍርዱ ግን ለዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሳምንት ይቆያል።